ክፍያው ሲቋረጥ ምን ይቀራል፣ ምን ይሄዳል?

አሜሪካ ውስጥ በወር 1 ዶላር ከ99 ሳንቲም እየከፈለ በጉግል ዋን 100 ጊጋባይት ቦታ የያዘ ሰው አንድ ቀን ክፍያውን ማቆም ቢፈልግ የሚያሳስበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ፎቶዎቼ ይጠፉ ይሆን? ብዙ ሰው ይህን ስለሚፈራ ብቻ የማይጠቀምበትን ቦታ ለዓመታት ሲከፍልበት ይኖራል። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ያቋርጥና ከሳምንታት በኋላ "ኢሜይል ልኬልህ ተመለሰብኝ" ሲባል ይደነግጣል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ክፍያው ምን ይዞ እንደነበር ስለማያውቁ ነው። ስለዚህ ጉግል ዋንን እንደ ዋና ምሳሌ ይዘን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሌሎቹንም ከዚያ በኋላ መረዳት አያስቸግርም።

መጀመሪያ ሦስት ድርጊቶችን እንለይ፤ ሰዎች ሲያምታቷቸው ብዙ ጊዜ አያለሁና። አፑን ከስልክ ላይ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም፤ አፑ ሄዶ ካርዱ ግን በየወሩ መቆረጡን ይቀጥላል። ፕላኑን ማቋረጥ ማለት ተጨማሪውን ቦታ መተው ነው፤ አካውንቱ ይኖራል፣ በውስጡ ያለውም እንዳለ ይቆያል። አካውንቱን መዝጋት ግን ፎቶውንም፣ ደብዳቤውንም፣ ፋይሉንም አብሮ መሰረዝ ነው። አካውንቱን መዝጋት በሌላ ገጽ የሚፈጸም ሌላ ጉዳይ ስለሆነ፣ ክፍያ ለማቆም የገባ ሰው "አካውንትዎ ይሰረዛል" የሚል ማስጠንቀቂያ ካየ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነውና መመለስ አለበት።

ፕላኑን ያቋረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ የከፈለበት ወር ወይም ዓመት እስኪያልቅ ድረስ ቦታውን እንደያዘ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ወደ ነጻው 15 ጊጋባይት ይመለሳል። ይህ 15 ጊጋባይት ለጂሜይል፣ ለጉግል ድራይቭና ለጉግል ፎቶስ በጋራ የተሰጠ ነው። ነገሩ የሚጣመመው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው የሚያስበው ስለ ፎቶ ብቻ ቢሆንም ፎቶው ቦታውን ሲሞላ ኢሜይሉ አብሮ ይታነቃል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። `one.google.com/storage` የሚለውን ገጽ ስትከፍት የተጠቀመችው ጠቅላላ ቦታ 62 ጊጋባይት ሆኖ ታገኘዋለች። ከዚህ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮው 41፣ ጂሜይሉ 8፣ ድራይቩ 7፣ የዋትስአፕ ባክአፑ ደግሞ 6 ጊጋባይት ነው። የዋትስአፑ ቁጥር ብዙዎችን ይገርማል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የዋትስአፕ ባክአፕ ቀድሞ ከጉግል ቦታ ላይ አይቆጠርም ነበር፤ ከ2024 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ይቆጠራል። የአዲስ አበባ ዘመዶች በየበዓሉ የሚልኩት ቪዲዮ ሁሉ ሳታውቀው እዚያ ተከማችቷል ማለት ነው።

ፕላኗ ባለቀ ማግስት 62 ጊጋባይቱ እንዳለ አለ። የልጇን የክርስትና ፎቶ ከፍታ ማየት፣ ማውረድ፣ ለሰው መላክ ትችላለች። የተፈቀደላት 15 ሲሆን የያዘችው 62 ነው፤ 47 ጊጋባይት አልፋለች። ጉግል ትርፉን አይቆርጥባትም፤ አዲስ ነገር እንዳይገባ ግን በሩን ይዘጋል። ከዚያ ቀን በኋላ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ስልኳ ላይ ብቻ ይቀራሉ። ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ እሷ ግን እንደ ድሮው ባክአፕ እየሆኑ ነው ብላ ታምናለች። ድራይቭ ላይ አዲስ ፋይል መጫን አይቻልም፣ አዲስ ዶክመንትም ሆነ ሺት መክፈት አይቻልም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለኢሜይሉ ነው። ቦታው ከሞላ በኋላ ከጂሜይል መላክም መቀበልም አይቻልም። የሚላክላት ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል። የተመለሰውን መልእክት የሚያየው ላኪው ነው፤ በላኪው ገጽ ላይ የተቀባዩ አካውንት ቦታ መሙላቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። እሷ ጋ ደግሞ ዝም ነው። የገቢ ደብዳቤ ሳጥኑ የድሮዎቹን ደብዳቤዎች ይዞ እንደተለመደው ይከፈታል። ከላይ ማስጠንቀቂያ ቢወጣም፣ ሰው በስልኩ ላይ ለእንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ዓይኑ ስለለመደ ያልፈዋል። ሥራ ያመለከተ፣ የትምህርት ቤት መልስ የሚጠብቅ፣ ጠበቃው ወይም ሐኪም ቤቱ ቀጠሮ የሚልክለት ሰው ለሳምንታት መልስ እንዳልተላከለት ሊያስብ ይችላል። መልሱ ግን ተልኮ ተመልሷል። በዚህ መሐል የተመለሰ ደብዳቤ ደግሞ በኋላ ቦታ ስለተለቀቀ ወይም ክፍያው ስለቀጠለ ተመልሶ አይመጣም፤ ላኪው እንደገና መላክ አለበት።

ነገሩን ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ ከሌላ አድራሻ፣ ለምሳሌ ከባል ወይም ከጓደኛ ኢሜይል፣ ወደ ራስ አንድ ደብዳቤ መላክ ነው። ከገባ ደህና ነው። ካልገባና ላኪው ጋ የተመለሰ መልእክት ከደረሰ ችግሩ ይኸው ነው። ፕላኑ ባለቀ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሙከራ ማድረግ ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

ሌላው ችግር ደግሞ ሌሎች ሰዎችን ይነካል። በውጭ አገር ያሉ እድሮችና የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት የአባላት ዝርዝርና የወር መዋጮ የሚመዘግቡት ብዙ ጊዜ በጉግል ሺትስ ነው። ሺቱ የሚቆጠረው በከፈተው ሰው ቦታ ላይ ነው፤ የተጋሩት ሌሎች ሰዎች ቦታ ላይ አይቆጠርም። ስለዚህ እናታችን የእድሩ ጸሐፊ ከሆነችና ሺቱን በራሷ አካውንት ከፍታው ከነበረ፣ ቦታዋ አልፎ በቆየ ጊዜ ገንዘብ ያዡም ሊቀመንበሩም የተነካውን ፋይል ማስተካከልም ሆነ መገልበጥ አይችሉም። ማየት ይችላሉ፤ የዚህ ወር መዋጮ ግን አይመዘገብም። የእሷ የግል ክፍያ መቋረጥ የ80 ቤተሰብ ሒሳብ ያቆማል። መፍትሔው ከማቋረጧ በፊት የሺቱን ባለቤትነት ወደ ሌላ የኮሚቴ አባል ማዛወር ነው። በማጋሪያው መስኮት ላይ ከሰውየው ስም ጎን `Transfer ownership` የሚለው ይገኛል፤ ያ ሰው ጥያቄውን እስኪቀበል ድረስ ግን ዝውውሩ አልተፈጸመም። ስለዚህ ደውሎ "ተቀበልክ ወይ?" ማለት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ነባሮቹ ፋይሎች እስከ መቼ ይቆያሉ? ጉግል ከሰኔ 1 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት፣ አንድ አካውንት ከተፈቀደለት ቦታ በላይ ሆኖ ለ2 ዓመት ከቆየ በጂሜይል፣ በድራይቭና በፎቶስ ያለው ይዘት በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል። "ትርፉ ብቻ" አላልኩም፤ አደጋው ላይ የሚወድቀው ጠቅላላው ይዘት ነው። ከመሰረዙ በፊት ማስጠንቀቂያ ይላካል። 2 ዓመት ረጅም ይመስላል። ግን ለአራስ ልጅ ፎቶ ብላ ፕላን የገዛች እናት ካቋረጠች በኋላ ልጁ መዋለ ሕፃናት እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ በዚህ መሐል ስልክም አድራሻም ይቀየራል። ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ የ2 ዓመት ደንብም አለ። ማንም ያልገባበት የግል አካውንት ለ2 ዓመት ከተተወ፣ ቦታው ሞላም አልሞላም፣ አካውንቱ ራሱ ከነይዘቱ ሊሰረዝ ይችላል። ለሟች አባት ወይም እናት ፎቶ ማስቀመጫ ተብሎ የተከፈተና ማንም የማይገባበት አካውንት በዚህ ምክንያት አደጋ ላይ ነው። አልፎ አልፎ ገብቶ አንድ ኢሜይል ማንበብ ወይም አንድ ፎቶ መክፈት ይበቃል።

እንግዲህ እናታችን ከ62 ወደ 15 መውረድ አለባት። እዚህ ላይ ነው ሰው ራሱ በራሱ እጅ ፎቶውን የሚያጠፋው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀስ ብለን እንሂድበት።

ጉግል ፎቶስ ውስጥ `Free up space` የምትባል ቁልፍ አለች። ስልኩ ሲሞላ ይህችን የነካ ሰው ባክአፕ የሆኑትን ፎቶዎች ከስልኩ ላይ ያስወግዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብቸኛ ቅጂ ጉግል ዘንድ ያለው ነው። ፎቶው ስልኩ ላይ ሲከፈት ስለሚታይ ብዙዎች ስልኩ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። ለማወቅ የሚቻለው ዳታና ዋይፋይ አጥፍቶ አንድ የቆየ ፎቶ በመክፈት ነው፤ ደብዝዞ ቀርቶ ካልጠራ ወይም ጭራሽ ካልተከፈተ ስልኩ ላይ የለም። አሁን ይህች እናት ቦታ ለማስለቀቅ ብላ ከጉግል ፎቶስ ላይ ብትሰርዝ የምትሰርዘው ብቸኛውን ቅጂ ነው። ስልኩ ላይ ያለውም ቢሆን አይተርፍም፤ ባክአፕ የሆነ ፎቶ ከአፑ ሲሰረዝ ከአካውንቱም፣ አብረው ከተያያዙት ስልኮችም ይነሳል። ባክአፕ የሆነ ፎቶ በትራሽ ውስጥ የሚቆየው 60 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ማውረድ ይቀድማል፣ መሰረዝ ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ይቅርታ የሌለው ስሕተት ነው።

ለማውረድ የተዘጋጀው ቦታ `takeout.google.com` ነው። እዚያ ሁሉም አገልግሎት ተመርጦ ይጠብቃል፤ ሁሉንም ምልክት አንስታ ጉግል ፎቶስን ብቻ መምረጥ ትችላለች። ቀጥሎ የት እንዲቀመጥላት ይጠይቃታል። ከምርጫዎቹ አንዱ ወደ ድራይቭ መላክ ነው፤ ይህ ግን ያንኑ የሞላ ቦታ እንደገና መሙላት ስለሆነ ለእሷ አይሠራም። የማውረጃ ሊንክ የሚለውን መምረጥ አለባት። ሊንኩ በኢሜይል ይላካል ይላል፤ ኢሜይሏ ሞልቶ ከሆነ ግን እሱን ከመጠበቅ ራሱን የቴክአውት ገጽ እየከፈቱ ማየት ይሻላል፤ ፋይሉ ሲዘጋጅ እዚያው ይታያል። ዝግጅቱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል።

የፋይሉ መጠን ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። 41 ጊጋባይቱን በ10 ጊጋባይት ከቆረጠችው 5 ዚፕ ፋይሎች ይሆናል፣ በ2 ጊጋባይት ከቆረጠችው ደግሞ ቢያንስ 21። ሜሪላንድ ላይ ጥሩ መስመር ካላት 5ቱ ይቀላታል። ይህንኑ ሥራ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን ትንንሹን እመክራለሁ፤ መብራት ሲሄድ ወይም መስመር ሲቆራረጥ የሚበላሸው አንዱ 2 ጊጋባይት ብቻ ይሆናል። የተዘጋጀው ፋይል ለ7 ቀን ያህል ብቻ ስለሚቆይም፣ ያልወረደ ነገር ካለ እንደገና ከመጀመሪያው ማዘዝ ያስፈልጋል። የሞባይል ዳታ ገዝቶ 41 ጊጋባይት ማውረድ ደግሞ ከጥቂት ወራት የፕላን ክፍያ ሊበልጥ ይችላልና ያን ቀድሞ ማስላት ነው።

ዚፑ ሲፈታ ከፎቶው ጎን ለጎን መጨረሻቸው `.json` የሆነ ትንንሽ ፋይሎች ይወጣሉ። ብዙ ሰው ቆሻሻ ናቸው ብሎ ይሰርዛቸዋል። ፎቶው የተነሳበት ቀን፣ ቦታና በጉግል ፎቶስ ላይ የተጻፈ መግለጫ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። በተለይ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የመጡ ፎቶዎች በራሳቸው ውስጥ ቀን ስለማይይዙ፣ እነዚህ ትንንሽ ፋይሎች ከጠፉ የ2015 የጥምቀት ፎቶ የዛሬ ቀን ይዞ ሊታይ ይችላል። አትንኳቸው፤ ከፎቶዎቹ ጋር አብረው ዲስኩ ላይ ይቀመጡ። ከዚያ ከየዓመቱ ጥቂት ፎቶና ጥቂት ቪዲዮ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ በተለይ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው። የወረደው ከተረጋገጠ በኋላ ወደ መሰረዙ መሄድ ይቻላል።

ከቀላሉ ትጀምር። ጂሜይል መፈለጊያ ላይ የሚከተለውን ስትጽፍ አባሪ ያላቸውና መጠናቸው ከ10 ሜጋባይት የሚበልጥ ደብዳቤዎች ብቻ ይወጡላታል።

```
has:attachment larger:10M
```

የማያስፈልጉትን ሰርዛ ትራሹንና ስፓሙን ባዶ ስታደርግ 8 የነበረው ወደ 5 ይወርዳል እንበል። ትራሽ ውስጥ ያለ ደብዳቤ እስኪወገድ ድረስ ከቦታው ላይ እንደሚቆጠር ሰው ይረሳል፤ "ሰርዤ ሰርዤ ቁጥሩ አልቀነሰም" የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ድራይቭም እንዲሁ ነው። እዚያ ያለውን የወንድሟን የሠርግ ቪዲዮ፣ 5 ጊጋባይት የሚሆነውን፣ ወደ ውጭ ዲስክ ስትገለብጠውና ትራሹን ስታጸዳ 7ቱ 2 ይሆናል። ዋትስአፕ ላይ ገብታ በባክአፕ ማስተካከያው ቪዲዮ እንዳይካተት ስታደርግና አዲስ ባክአፕ ስታስነሳ 6ቱ ወደ 1 ይወርዳል። እነዚህ ሦስቱ አሁን 8 ጊጋባይት ሆኑ። ለፎቶ የቀራት 7 ነው።

ከ41 ጊጋባይቱ ውስጥ ቪዲዮው ብቻ 29 ቢሆን አልገርምም፤ በብዙ ቤተሰብ አካውንት ውስጥ ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮዎቹ ዲስክ ላይ መኖራቸውን አረጋግጣ ስትሰርዛቸው የፎቶው 12 ጊጋባይት ይቀራል። በዋናው ጥራት የተቀመጡትን ፎቶዎች `Storage saver` ወደሚባለው ጥራት መለወጥም ይቻላል፤ ከ16 ሜጋፒክሰል በላይ የሆነ ፎቶ ወደዚያ ይወርዳል። በስልክ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታይም። የቀነሰው ጥራት ግን ጉግል ዘንድ ተመልሶ አይገኝም፤ ዋናው ዲስኳ ላይ ስላለ እሷን አያሳስባትም። ምን ያህል እንደሚቀንስ እንደ ፎቶው ይለያያል፤ ለእሷ 6 ቢሆን ጠቅላላው 14 ጊጋባይት ይሆናል። ኢሜይሉ ይከፈታል፣ የእድሩም ሺት ይንቀሳቀሳል። የቀራት ግን 1 ጊጋባይት ነው። የፎቶ ባክአፑን ካላጠፋች ያ ተጠራቅሞ የቆየው የስልክ ፎቶ በአንድ ሌሊት ይጫንና እንደገና ይሞላል። ስለዚህ የፎቶስን ባክአፕ ማጥፋት ከመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የስልኩን ፎቶ በየጊዜው ወደ ዲስክ መገልበጥ የእሷ ሥራ ይሆናል።

የቤተሰብ ጥቅል ላይ ለሆኑ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከፋዩ ሲያቋርጥ የተጋሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደየራሳቸው 15 ጊጋባይት ይመለሳሉ። ከፋዩ የራሱ ትንሽ ስለሆነ ምንም ላይታወቀው ይችላል፤ እናቱ ግን በዚያው ቀን ኢሜይል መቀበል ልታቆም ትችላለች። ከማቋረጥ በፊት እያንዳንዱ ሰው ስንት እንደያዘ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌሎቹም የማከማቻ አገልግሎቶች በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ የሚለያዩት በገደባቸው ነው። የአፕል አይክላውድ ነጻ ቦታ 5 ጊጋባይት ሲሆን ሲያልፍ ፎቶ መጫኑና የአይፎን ባክአፕ ይቆማል። ባክአፑ የቆመ መሣሪያ የመጨረሻ ቅጂ 180 ቀን ከቆየ በኋላ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ አዲስ አይፎን ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ልብ ይበል። ማይክሮሶፍት ዋንድራይቭም 5 ጊጋባይት ይሰጣል። እሱ ትዕግሥቱ አጭር ነው፤ ከገደቡ በላይ ከ6 ወር በላይ የቆየን አካውንት ይዘት ሊሰርዝ እንደሚችል አስቀድሞ ያሳውቃል። በጉግል የ2 ዓመት ልማድ ተዘናግቶ ዋንድራይቭን የሚተው ሰው ይጎዳል።

ወደ ሙዚቃና ፊልም ስንሻገር የባለቤትነት ነገር ይቀየራል። ጉግል ዘንድ ያስቀመጥነው ፎቶ የራሳችን ነው። ስፖቲፋይ ላይ "ዳውንሎድ" ያደረግነው ዘፈን ግን የእኛ ፋይል ሆኖ አያውቅም፤ ከአፑ ውጭ የማይከፈት፣ ክፍያው እስካለ ብቻ የሚሠራ ቅጂ ነው። ክፍያው ላለ ሰው እንኳ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ ካልገባ ይዘጋበታል፤ አፑ ክፍያው መኖሩን የሚያጣራው ያኔ ነው። ስለዚህ ስፖቲፋይ ፕሪሚየም ሲያልቅ ዳውንሎዶቹ ይሄዳሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ማዳመጥ አይቻልም። ፕሌይሊስቶቹና የተወደዱት ዘፈኖች ዝርዝር ግን አካውንቱ ላይ ስለሆኑ በነጻው ደረጃም ይቆያሉ፤ ማስታወቂያ እየሰሙ ማዳመጥ ይቻላል። በቤተሰብ ጥቅል የነበሩትም እያንዳንዳቸው የራሳቸው አካውንት ስላላቸው ዝርዝራቸውን ይዘው ወደ ነጻው ይወርዳሉ። አካውንቱን የዘጋ ሰው ግን ዝርዝሩንም ያጣል፤ ሐሳቡን ለመቀየር ያለው ጊዜ 7 ቀን ብቻ ነው።

አፕል ሙዚክ ነጻ ደረጃ የለውም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ክፍያው ሲያልቅ ከካታሎጉ የተጨመሩት ዘፈኖችና በእነሱ የተሠሩት ፕሌይሊስቶች አብረው ከእጅ ይወጣሉ። ከአይቱንስ በገንዘብ የተገዛ ዘፈን ግን የገዢው ሆኖ ይቀራል። ከአፕል ሙዚክ ለመውጣት ያሰበ ሰው ፕላኑ ሳያልቅ ዝርዝሩን ወደ ሌላ አገልግሎት ማዛወር ወይም ቢያንስ እያንዳንዱን ፕሌይሊስት በስክሪንሾት ማስቀረት አለበት።

ዝርዝር የሚያዛውሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ሳውንዲዝና ቲዩን ማይ ሚዩዚክ በብዛት ይታወቃሉ። ዘፈኑን አያዛውሩም፤ የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም አንብበው በአዲሱ አገልግሎት ውስጥ የሚመስለውን ይፈልጋሉ። ለአማርኛ ሙዚቃ ችግሩ እዚህ ይመጣል። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ አንዱ ቦታ በአንድ መልክ፣ ሌላው ቦታ በሌላ፣ አንዳንዱ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ተመዝግቧል። ስለዚህ ሳይገኝ የሚቀር ዘፈን ይበዛል። "ትዝታ" ደግሞ ብዙ ድምፃውያን የተጫወቱት ስለሆነ የማሕሙድ አሕመድን ይዞ የሄደ ዝርዝር ሌላ ሰው የዘፈነውን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ዝውውሩ ሲያልቅ የድሮውንና የአዲሱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ በቁጥር ብቻ ሳይሆን ዘፋኙንም እያዩ ማመሳከር ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ የድሮው ፕላን ገና መሥራት አለበት፤ ስለዚህ ከማለቂያው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር ነው። አንዳንድ ዘፈን ደግሞ ከማቋረጡ ጋር ምንም ሳይገናኝ ዝርዝሩ ላይ ደብዝዞ ይቀራል፤ አገልግሎቱ ያንን ዘፈን ለማሰማት የነበረው የመብት ውል ስላለቀ ነው። እንደገና ብትከፍሉም አይመለስም።

የቀረው ያየነውና ያዳመጥነው ነገር ታሪክ፣ በተለምዶ ሂስትሪ የምንለው ነው። ሰው ስለ ፎቶው "ይጠፋብኛል" ብሎ እንደሚሰጋው ሁሉ፣ ስለ ሂስትሪው ደግሞ ጠፍቷል ብሎ ያምናል። አልጠፋም። ኔትፍሊክስ ያቋረጠን ሰው ፕሮፋይልና የእይታ ታሪክ፣ ምናልባት ከተመለሰ ብሎ፣ ለወራት ያቆየዋል። ዩቲዩብ ፕሪሚየምን ያቋረጠ ሰው ዳውንሎዶቹን ያጣል፤ ሂስትሪውና ፕሌይሊስቶቹ ግን የጉግል አካውንቱ ስለሆኑ ከክፍያው በፊትም በኋላም እዚያው ናቸው። ታብሌቱን ለልጆች ያወረሰ ወይም አካውንቱን ከሌላ ሰው ጋር የሚጋራ ሰው ያየውን ሁሉ ሌላው ሊያየው ይችላል፤ የሚመከሩት ቪዲዮዎችም በዚያው ይቀጥላሉ። ይህን የማይፈልግ ሰው `myactivity.google.com` ገብቶ የዩቲዩብን ሂስትሪ ከፍቶ፣ የፈለገውን ቀን ወይም ጠቅላላውን መሰረዝ ይችላል። እዚያው በራሱ ጊዜ እንዲሰርዝ ማዘዝም ይቻላል፤ ምርጫዎቹ 3፣ 18 ወይም 36 ወር ናቸው። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተከፈቱ አዳዲስ አካውንቶች የዩቲዩብ ሂስትሪያቸው ባለቤቱ ምንም ሳይነካ በ36 ወር እንዲሰረዝ ተደርገው ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት የተከፈተ አካውንት ግን ባለቤቱ ካላዘዘ በስተቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ይዞ ሊገኝ ይችላል።